ወር ከመዘጋቱ በፊት የባልደረባን የጆርናል ምዝገባ መመርመር፦ ዴቢትና ክሬዲት፣ የታክስ መስመር እና የሂሳብ ወቅት

በጅማና በአካባቢዋ በቡና ሥራ ላይ የተሰማሩ ድርጅቶች ኅዳርንና ታኅሣሥን የሚዘጉት ቡናው እየተለቀመ ባለበት፣ ከአጋሮና ከሊሙ የሚላከው ደረሰኝ በየጠረጴዛው በሚከመርበት ጊዜ ነው። በዚህ ጥድፊያ ውስጥ አንዱ የሂሳብ ሠራተኛ የመዘገበውን ሌላው ሳያየው ወሩ ከተዘጋ፣ ስህተቱ የሚገለጠው የቫት ማሳወቂያ ከቀረበ ወይም ኦዲተር ከገባ በኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ ማረም የሚጠይቀው አንድ ቫውቸር መለወጥን ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የቀረበውን ማሳወቂያ ማስተካከልንም ይጨምራል።

ከዚህ በታች የምርመራውን ቅደም ተከተል የማሳየው በአንድ ቫውቸር ላይ ነው። ድርጅቱ ቡና የሚፈለፍል እንደሆነና የመፈልፈያ ማሽኑን በጅማ መርካቶ የሚገኝ ጋራዥ እንደጠገነለት እናስብ። ዋጋው ከቫት በፊት 70,000 ብር፣ ቫቱ 15 በመቶ ማለትም 10,500 ብር፣ በደረሰኙ ላይ የታተመው ጠቅላላ ድምር 80,500 ብር ነው። በደረሰኙ ላይ ያለው ቀን 08/12/2025 ነው። ክፍያው የተፈጸመው በቼክ ሲሆን ቼኩ የተጻፈው ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ነው። ባልደረባችን ይህን ሁሉ በአንድ ቫውቸር፣ በኅዳር 29 ቀን እንዲህ መዝግባዋለች፦

ዴቢት፦ የጥገና ወጪ 70,000
ዴቢት፦ የግዢ ቫት 10,500
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ 2,415
ክሬዲት፦ ባንክ 78,085

ሁለቱም ወገን 80,500 ይመጣል፤ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ በዚህ ቫውቸር ውስጥ ሦስት ስህተቶች አሉ፤ ሦስቱም በድምር የሚታዩ አይደሉም።

መጀመሪያ ሰነዱን፣ ቀጥሎ ምዝገባውን

የምርመራው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቫውቸሩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ዓይኑ የተጻፈውን ለማጽደቅ ይዘጋጃል፤ ደረሰኙን የሚገልጠውም የተጻፈው ቁጥር እዚያ መኖሩን ለማየት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከቫውቸሩ ጀርባ የተያያዙትን ሰነዶች፣ ማለትም ደረሰኙን፣ የክፍያ መጠየቂያውን፣ የቼኩን ጉርድና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ቅጂ አስቀድመው ያውጡ። ከዚያም ምዝገባው ምን መምሰል እንደነበረበት በወረቀት ላይ በራስዎ ይጻፉ። የባልደረባዎን ሥራ የሚመለከቱት ይህን ከጨረሱ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ ቫውቸር ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ፣ ታክስ ላለባቸው ሁሉ፣ ከወሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ አምስት ቀናት ለሆኑት ሁሉ፣ እንዲሁም በእጅ ለተሠሩ ማስተካከያዎች ሁሉ ያድርጉት። በየወሩ ተመሳሳይ ሆነው የሚደጋገሙት እንደ ኪራይ ያሉ ምዝገባዎች ካለፈው ወር ጋር ተነጻጽረው ሊያልፉ ይችላሉ።

የቫውቸር ቁጥሮች ሳይዘለሉ መከታተላቸውንም በዚሁ ጊዜ ያረጋግጡ። የጎደለ ቁጥር ካለ፣ የተሰረዘው ቫውቸር «ተሰርዟል» ተብሎ በፋይሉ ውስጥ ሊገኝ ይገባል።

የዴቢትና የክሬዲት ወገን

ድምሩ እኩል መሆኑ የሚያረጋግጠው ድምሩ እኩል መሆኑን ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን ቢገለባበጥ ድምሩ እንደ ነበረ ይቀራል፤ ትክክለኛው መጠን በተሳሳተ መደብ ላይ ቢገባም እንዲሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ይህ መደብ በዚህ ድርጊት ምክንያት ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚል ነው። ባንክ ከከፈልን ይቀንሳል፣ ክሬዲት ነው። ወጪ ይጨምራል፣ ዴቢት ነው። በእኛ ቫውቸር እነዚህ ሁለቱ ትክክል ናቸው።

ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ዊዝሆልዲንግ በአንድ ድርጅት መዝገብ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። እኛ ለአቅራቢ ስንከፍል የምንቀንሰው ገንዘብ የመንግሥት ነው፤ በእጃችን ያለ ዕዳ ስለሆነ «ተከፋይ ዊዝሆልዲንግ» በሚለው መደብ ክሬዲት ይሆናል። ደንበኛ ለእኛ ሲከፍል የሚቀንስብን ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከትርፍ ግብራችን ላይ የሚታሰብልን ስለሆነ «ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ» በሚለው ላይ ዴቢት ይሆናል። ባልደረባችን የክሬዲትን ወገን በትክክል ብትይዝም መደቡን አሳስታለች። ከዚህም የተነሣ ሁለት ጉዳት ይደርሳል፦ ለመንግሥት መክፈል ያለብን ዕዳ በመዝገብ ላይ አይታይም፤ ከመንግሥት የምንጠይቀው ሀብታችን ደግሞ ያለ ምክንያት ያንሳል። የመደብ ስሞቹ በፕሮግራሙ ዝርዝር ላይ ተከታትለው ስለሚገኙ አንዱን ለሌላው መምረጥ በጣም ቀላል ነው። ተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ ላይ ክሬዲት የሆነ መስመር ባዩ ቁጥር፣ የዓመቱ ግብር ማቻቻያ ወይም የቀድሞ ስህተት ማረሚያ ካልሆነ በቀር፣ በጥርጣሬ ይመልከቱት።

ቫውቸሮቹን ከጨረሱ በኋላ የወሩን ትራያል ባላንስ ያውጡና ያለ ባሕርያቸው የቆሙ መደቦችን ይፈልጉ፦ ክሬዲት ቀሪ ያለው ወጪ፣ ዴቢት ቀሪ ያለው ተከፋይ፣ ከዜሮ በታች የወረደ ጥሬ ገንዘብ። እነዚህ ሁሌም ስህተት ናቸው ማለት አይደለም፤ ለአቅራቢ ቅድሚያ ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዳቸው በጽሑፍ ማብራሪያ ሊኖራቸው ይገባል።

ከውጭ ሰነድ ጋር ሲያስታርቁ ልዩነት ካገኙ፣ ልዩነቱ ራሱ ወደ ስህተቱ ሊመራዎት ይችላል። ለምሳሌ 78,400 ብር መውጣት ሲገባው በገቢ ወገን ከተመዘገበ፣ በመዝገብና በባንክ መግለጫ መካከል የሚታየው ልዩነት እጥፉ፣ ማለትም 156,800 ይሆናል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ለሁለት አካፍለው ያንን መጠን በወሩ ምዝገባዎች ውስጥ ይፈልጉ። 78,400 ተብሎ መጻፍ ያለበት 74,800 ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ 3,600 ነው፤ አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሁለቱም ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደሉም።

በወሩ መጨረሻ ተገምተው የሚመዘገቡ ወጪዎች ደግሞ ወገናቸው በቀላሉ ይሳሳታል። የጥቅምት መብራት ቢል ስላልደረሰ 18,600 ብር ተገምቶ ወጪው ዴቢት፣ ያልተከፈለ ወጪ ክሬዲት ተደርጎ ከነበረ፣ በኅዳር መጀመሪያ በተቃራኒው መገልበጥ አለበት። ገልባጩ የጥቅምቱን ቫውቸር ቀድቶ ቀኑን ብቻ ከለወጠ ግን ግምቱ ይደገማል፤ ያልተከፈለ ወጪ 37,200 ይሆናል። ይህን ለማወቅ ያልተከፈለ ወጪን ሌጀር ከፍቶ በኅዳር የተዘጋውንና አዲስ የገባውን ማየት ይበቃል፤ ባለፈው ወር የገባ ግምት በዚህ ወር ካልተነካ ወይም ካበጠ ምክንያቱን ይጠይቁ።

የታክስ መስመሮች

በመጀመሪያ መነሻ ዋጋውን ያረጋግጡ። ቫት የሚሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው፤ ደረሰኙ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ድምሩ ለ1.15 ይካፈላል። 80,500 ሲካፈል 70,000 ይመጣል፣ ቫቱም 10,500 ነው። የችኮላ ስህተት የሚባለው የጠቅላላውን 15 በመቶ መውሰድ ሲሆን 12,075 ይሰጣል፤ በዚህ መንገድ ያላግባብ የተጠየቀው 1,575 ብር በማሳወቂያው ላይ ይወጣል። የወሩን ግዢዎች በኤክሴል አውጥተው፣ ከቫት በፊት ያለውን ዋጋ በ`B`፣ የተመዘገበውን ቫት በ`C` ካስቀመጡ ይህችን ቀመር ወደ ታች መሳብ ይበቃል፦

```
=ROUND(B2*15%,2)-C2
```

ከጥቂት ሳንቲም በላይ ልዩነት የሚያሳየውን ረድፍ ሁሉ ከደረሰኙ ጋር ያመሳክሩ። ልዩነቱ ሙሉው 15 በመቶ ከሆነ ግዢው ከቫት ነፃ ነው ወይም ሻጩ የቫት ተመዝጋቢ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያለዚያም ቫቱ ወጪው ውስጥ ተደፍቋል።

ቫቱ በስሌት ትክክል መሆኑ ግን በግዢ ቫት ለመመዝገብ አይበቃም። ደረሰኙ የሻጩን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የእኛን ስምና ቲን መያዝ አለበት። የእኛ ስም የሌለበት፣ ሾፌሩ ወይም ግዢ ሠራተኛው በችኮላ ያመጣው ደረሰኝ የገንዘቡን መውጣት ያሳይ ይሆናል እንጂ ተቀናሽ ቫት ለመጠየቅ አይሆንም። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለባልደረባዎ መልሰው ትክክለኛ ደረሰኝ እንዲመጣ ይጠይቁ፤ ካልመጣ ቫቱ ከግዢ ቫት ይወጣል። ጋራዡ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ በአንድ ቀን ይፈታል፤ ከሊሙ የመጣ ደረሰኝ ሲሆን ግን ወሩ ከመዘጋቱ ቢያንስ ሳምንት አስቀድሞ መታወቅ ነበረበት።

ወደ ዊዝሆልዲንግ እንመለስ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ለዓመታት ሲቀነስ የነበረው 2 በመቶ ሲሆን በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ ወደ 3 በመቶ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ቫውቸር የተቀዳ ምዝገባ ካጋጠመዎት መጠኑን በተለይ ይፈትሹ። ስሌቱ የሚነሣው ከቫት በፊት ካለው ዋጋ ነው፦ የ70,000 ብር 3 በመቶ 2,100 ብር ነው። ባልደረባችን 2,415 የጻፈችው ከ80,500 ስለ ተነሣች ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 315 ብር የ2,100 ብር 15 በመቶ ነው፤ በዊዝሆልዲንግ ላይ የሚያገኙት ልዩነት የትክክለኛው መጠን 15 በመቶ ሆኖ ሲገኝ፣ ስሌቱ ቫት በጨመረ ዋጋ ላይ እንደተሠራ ሌላ ማጣሪያ ሳያስፈልግ ማወቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ የባንክ መስመሩም አብሮ ተበላሽቷል። ገንዘብ ያዡ ቼኩን ያዘጋጀው ከክፍያ መጠየቂያው ላይ በትክክል አስልቶ ስለሆነ የወጣው 78,400 ብር ነው፤ ለጋራዡ የተሰጠውም የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ 2,100 ይላል። ቫውቸሩ ብቻ 78,085 ይላል። ለዚህ ነው የቼኩ ጉርድና የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ቅጂ ከቫውቸሩ ጋር ተያይዘው መመርመር ያለባቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ስህተቱ የገንዘብ ያዡ ይሁን የመዝጋቢዋ መለየት አይቻልም።

በመጨረሻ በሌጀር ደረጃ ሁለት ማመሳከሪያዎችን ይሥሩ። የተከፋይ ዊዝሆልዲንግ የወሩ ጭማሪ በወሩ ከተቆረጡት የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። የግዢ ቫት የወሩ ዴቢት ደግሞ ለማሳወቂያው ከሚዘጋጀው የግዢ ዝርዝር ድምር ጋር መገጣጠም አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ማሳወቂያውም መዝጊያውም ገና አልደረሱም።

የሂሳብ ወቅት

አብዛኛው የወቅት ስህተት የሚመጣው ከሁለቱ አቆጣጠሮች ነው። የድርጅቱ ወር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘጋል፤ ፒችትሪና መሰል ፕሮግራሞች በፈረንጅ ቀን ይሠራሉ፤ የአቅራቢዎች ደረሰኝ ደግሞ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ ይመጣል። ዲሴምበርን ታኅሣሥ ብለን ስለምንጠራ 08/12/2025 ሲታይ አእምሮ ወደ ታኅሣሥ 8 ይሄዳል። ነገር ግን ኅዳር 2018 ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9 ቀን 2025 ስለሆነ ዲሴምበር 8 ኅዳር 29 ነው። ባልደረባችን ይህን በትክክል ቀይራዋለች። የተሳሳተችው ሌላ ቦታ ነው፤ ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን የቀን ንባቡን እንጨርስ።

በጠረጴዛዎ ላይ የ2018 ወራት መጀመሪያ ቀኖችን የያዘ ወረቀት ይኑርዎት፦ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8። ይህ ወረቀት ለዘላለም አያገለግልም፤ በ2019 መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን ከመስከረም 2020 እስከ የካቲት ያሉት ቀኖች በአንድ ቀን ይገፋሉ።

የቀኑን አቀማመጥም ይመልከቱ። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ወሩ ከቀኑ ቀድሞ ይጻፋል፤ ደረሰኙ ላይ 08/12 ያየ ሰው እንዳለ ከገለበጠው ፕሮግራሙ ኦገስት 12 ብሎ ይወስደዋል፣ ይህም ነሐሴ 6 ቀን 2017 ነው። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 ስለሚጀምር ቀኑ በዚሁ ዓመት ውስጥ ይወድቃል፤ ፕሮግራሙ ያለፈ ወቅት ነው ብሎ ቢያስጠነቅቅም በጥድፊያ ውስጥ እሺ ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይህን ለመያዝ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በቀናቸው የተደረደሩትን የዓመቱን ምዝገባዎች ያውጡና የተዘጉት ወራት ትራያል ባላንስ ከዚህ ቀደም ታትሞ ከተፈረመበት ጋር አሁንም አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ ብር እንኳ ከተለወጠ አንድ ሰው ወደ ኋላ መዝግቧል።

በጅማ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአፋን ኦሮሞ በሚጻፉ ሰነዶች ላይ «ሳዳሳ» እና «ሙዴ» የሚሉት የወር ስሞች ለኅዳርና ለታኅሣሥም፣ ለኖቬምበርና ለዲሴምበርም ያገለግላሉ። መለያው ዓመቱ ነው፦ 2018 ከተጻፈ ወሩ የኢትዮጵያ ነው፤ 2025 ከተጻፈ የፈረንጁ ነው። ዓመት ያልተጻፈበት ሰነድ ካጋጠመ አውጪውን ደውሎ ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ የለም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ስህተት። ሥራው የተሠራውና ደረሰኙ የተቆረጠው በኅዳር ነው፤ ስለዚህ ወጪውና የግዢ ቫቱ የኅዳር ናቸው። ገንዘቡ የወጣው ግን በታኅሣሥ ነው፤ ዊዝሆልዲንግ የሚቀነሰውም ክፍያ ሲፈጸም ስለሆነ የታኅሣሥ ነው። በአንድ ደረሰኝ ላይ ያሉት ሁለት የታክስ መስመሮች በሁለት የተለያዩ ወራት ማሳወቂያ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ቫውቸር፣ በአንድ ቀን መመዝገብ የማይቻለው ለዚህ ነው። ትክክለኛው ሁለት ምዝገባ ነው፦

ኅዳር 29 ቀን 2018
ዴቢት፦ የጥገና ወጪ 70,000
ዴቢት፦ የግዢ ቫት 10,500
ክሬዲት፦ ተከፋይ ሂሳብ 80,500

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018
ዴቢት፦ ተከፋይ ሂሳብ 80,500
ክሬዲት፦ ተከፋይ ዊዝሆልዲንግ 2,100
ክሬዲት፦ ባንክ 78,400

ይህ ስህተት በባንክ ማስታረቂያ ላይ ጨዋ መስሎ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የኅዳር መዝገብ ገንዘቡ ወጥቷል ሲል የባንክ መግለጫው አልወጣም ይላል፤ አስታራቂውም «ያልተመነዘረ ቼክ» በሚለው ሥር ያስቀምጠዋል። ስለዚህ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቼክ ቀን ከጉርዱ ላይ ያንብቡ። ቼኩ የተጻፈበት ቀን ከወሩ መጨረሻ በኋላ ከሆነ ያልተመነዘረ ቼክ አይደለም፤ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣውን ደግሞ በታኅሣሥ የመጀመሪያ ቀናት ከተመዘገቡት ደረሰኞችና ከዕቃ ግምጃ ቤት መረከቢያዎች ያገኙታል፤ ዕቃው በኅዳር ገብቶ ደረሰኙ በታኅሣሥ የደረሰ ከሆነ ወጪው ወይም ክምችቱ በኅዳር መገመት አለበት። የወሩን ወሰን ስታነሡ ጳጉሜን ብቻዋን ወር አለመሆኗን አትርሱ፤ ከነሐሴ ጋር አብራ ትዘጋለች።

ስህተቱን መመለስ

የሚመረምረው ሰው ምዝገባውን በራሱ እጅ ማረም የለበትም፤ ካረመው የመጨረሻውን ሥራ የመረመረ ሰው የለም ማለት ነው። የቫውቸሩን ቁጥር፣ መስመሩን፣ የተጻፈውን፣ መሆን ያለበትንና የተመሠረቱበትን ሰነድ በጽሑፍ ያስፍሩ። «ዊዝሆልዲንጉ ልክ አይደለም» የሚል ማስታወሻ ባልደረባን ሁለት ጊዜ ያሠራል። «3ኛ መስመር፦ ተሰብሳቢ ሳይሆን ተከፋይ፤ መነሻው 70,000፤ መጠኑ 2,100፤ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል፤ ክፍያው ታኅሣሥ 6 ስለሆነ ይህና የባንኩ መስመር ወደ ታኅሣሥ ይዛወሩ» የሚለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃዋል።

ቫውቸሩ ገና ካልተለጠፈ ባልደረባዋ ትቀይረዋለች። ተለጥፎ ከሆነ የመጀመሪያው በኅዳር 29 ቀን ሙሉ በሙሉ በተቃራኒ ቫውቸር ይገለበጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ትክክለኛ ምዝገባዎች በየቀናቸው ይገባሉ። የተሳሳተውን መስመር ብቻ ለማስተካከል 315 ብርን ለብቻ መመዝገብ ይቻል ነበር፤ ግን እኔ አልመክረውም፤ የመደቡና የወሩ ስህተት ከዚያ ጋር ስለማይታረሙ ከዓመት በኋላ ቫውቸሩን የሚያየው ሰው ሦስት ቁራጭ ማረሚያ ለማገጣጠም ይገደዳል።

ማረሚያው ከገባ በኋላ ያው ቫውቸር ዳግመኛ ይመረመራል፤ የተከፋይ ዊዝሆልዲንግ፣ የተሰብሳቢ ዊዝሆልዲንግ፣ የግዢ ቫትና የባንክ ሌጀሮች ብቻ እንደገና ይታያሉ። ከእኛ ምሳሌ በኋላ በኅዳር መጨረሻ የሚታየው ለጋራዡ ያልተከፈለ 80,500 ብር ሲሆን፣ ሁለቱ የዊዝሆልዲንግ መደቦችና የባንክ መዝገቡ በዚህ ቫውቸር ምክንያት አንድም ብር ሳይነኩ ይቀራሉ። ይህ ሲረጋገጥ መርማሪው በቫውቸሩ ላይ ቀንና ፊርማውን ያኖራል፤ ወሩም በፕሮግራሙ ላይ ወደ ኋላ መመዝገብ እንዳይቻል ይቆለፋል።